«በኢትዮጵያ ሰዓት» ሲባል የቱ ሰዓት ነው? በአገር ተሻጋሪ ቀጠሮዎች ላይ የተደረገ ዳሰሳ

አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ እንበል። በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ «እሑድ በ3 ሰዓት በስልክ እንገናኝ» የሚል መልእክት ተለጠፈ፤ ሁሉም «እሺ» ብለው መለሱ። ይሁንና አራቱ ሰዎች ስለ አንድ ሰዓት መስማማታቸውን የሚያሳይ ነገር እስካሁን የለም። እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት ሰዓት የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ቀኑ ደርሶ አንዱ ሲደውል ሌላው ሳያነሳ ሲቀር ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በውጭ ቋንቋዎች የሚጻፈው ምክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በሰዓት ቀጠና ላይ ነው፤ በየከተማው ያለውን የሰዓት ልዩነት አስሉ፣ የከተማ ስም ጥቀሱ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው። ቀኑን ከንጋት የሚቆጥር ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ከቀጠናው ሌላ አቆጣጠሩንም፣ ዕለቱንም መለየት አለበት። ይህ ዳሰሳ የችግሩን አመጣጥ፣ መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡትን አካሄዶች፣ ለእያንዳንዱ ያለውን ማስረጃና እስካሁን እልባት ያላገኙትን ነጥቦች ይመለከታል።

በአንድ ቁጥር ውስጥ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች

«እሑድ በ3 ሰዓት» የሚለው አባባል ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። የመጀመሪያው የየት ቦታ ሰዓት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው በየትኛው አቆጣጠር፣ ከንጋት ጀምሮ ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚለው ነው። ሦስተኛው የትኛው ዕለት፣ የዕለቱስ የትኛው ክፍል የሚለው ነው።

ጥያቄዎቹ ተለያይተው ካልተመለሱ ምን እንደሚፈጠር በአንድ ቀን ላይ እንይ። ዕለቱ እሑድ የካቲት 22 ቀን 2018፣ በፈረንጆች ማርች 1፣ 2026 ይሁን። በዚያን ዕለት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። መልእክቱን የጻፉት አዲስ አበባ ያሉት እናት ከሆኑና ጠዋት ማለታቸው ከሆነ፣ የአዲስ አበባው 3 ሰዓት በፈረንጅ 9:00 ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ሌሊት 1:00 ይሆናል። ማታ ማለታቸው ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 21:00፣ ዋሽንግተን ላይ ከቀትር በኋላ 1:00 ነው። ጸሐፊው ዋሽንግተን ያለው ልጅ ሆኖ በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ፒኤም ማለቱ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ልጁ በፈረንጅ አቆጣጠር የእናቱን አገር ሰዓት መጥቀሱ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን እየኖረም ሰዓቱን እንደ አገር ቤት የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ የእሱ የጠዋት 3 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ 9:00፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ከአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አምስት የተለያዩ ቀጠሮዎች ወጡ፤ አምስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ያጠራ ይመስለዋል። ሐረጉ ግን «ኢትዮጵያ ውስጥ ባለው ሰዓት» ማለትም፣ «በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር» ማለትም ይሆናል። «በኢትዮጵያ ሰዓት 9:00» የሚል መልእክት የደረሰው ጀርመን የሚኖር ሰው ጠዋት 9:00 ይሁን ከሰዓት በኋላ 3:00 ከመልእክቱ ሊያውቅ አይችልም። ቦታውን የሚገልጽ ቃልና አቆጣጠሩን የሚገልጽ ቃል ተለያይተው መምጣት አለባቸው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የሳውዲ አረቢያ፣ የኩዌትና የኳታር ሁኔታ ነው። እነዚህ አገሮች ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት አላቸው፤ ሁሉም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ሆኖም ሪያድ የምትሠራ እህት ለቤተሰቧ «በ8 ሰዓት ደውሉ» ብትል ከአሠሪዎቿ ጋር ስትነጋገር የለመደችው 8:00 ይሁን የአገር ቤቱ 8 ሰዓት አይታወቅም። የቀጠና ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ግን ሊፈጠር ይችላል።

አመጣጡ፦ ፀሐይ፣ ባቡርና ሜሪዲያን

ሰዓትን ከንጋት መቁጠር ኢትዮጵያን በመሰለ ምድር የራሱ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ በጣም አጭሩ ከ11 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ በጣም ረጅሙም ከ13 ሰዓት ያንሳል። ስለዚህ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ሲባል ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ጊዜ መሆኑ በጥርም በሐምሌም እውነት ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም በምሥራቅ አፍሪካ በተመሳሳይ መንገድ ከንጋት ይቆጥራሉ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ቀትር ይመራ ነበር። ይህን የለወጠው ባቡር ነው፤ በደቂቃዎች የሚለያዩ የከተማ ሰዓቶች ይዞ የባቡር መርሐ ግብር ማዘጋጀት አስቸጋሪ ነበር። የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በቀጠና የተከፋፈለ ሰዓት መጠቀም ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት በዋሽንግተን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሜሪዲያን ጉባኤ በግሪንዊች የሚያልፈው መስመር መነሻ እንዲሆን ተወሰነ። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ አልነበረችም። የሰዓት ቀጠናዋ ኋላ ላይ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ አቆጣጠሯ ግን አልተለወጠም። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የአውሮፕላን ትኬት በአንዱ ይታተማል፣ የሰርግ ጥሪ በሌላው ይጻፋል።

ሌላውን ውስብስብነት ያመጣው ሰዓትን በወቅት መግፋት ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በኤፕሪል 30 ቀን 1916፣ ሰዓትን አንድ ሰዓት ወደፊት የመግፋት ሥርዓት ጀመረች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏት። ዛሬ አሜሪካ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ትገፋለች። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ብሪታንያ ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይገፋሉ። እስራኤል ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ጀምራ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች። ኢትዮጵያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈጽሞ አይገፉም። ይህን ሥርዓት «የበጋ ሰዓት» ብሎ መጥራትም ለእኛ አይመችም፤ የአውሮፓ ሞቃት ወራት የእኛ ክረምት ናቸውና። «ሰዓት ሲገፋ» እና «ሰዓት ሲመለስ» ማለት ይሻላል።

አራት አካሄዶች

ቀጠሮን በአስተማማኝ መንገድ ለመጻፍ የሚቀርቡት ሐሳቦች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ሁሉም ሰው በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ UTC በሚባለው፣ ይቀጣጠር የሚል ነው። አብራሪዎችና የኮምፒውተር ሥርዓት ባለሙያዎች ይህን ይጠቀማሉ። ስቲቭ ሀንኪና ሪቻርድ ሄንሪ የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ደግሞ ዓለም በሙሉ በዚህ ሰዓት ብቻ እንዲተዳደር ሐሳብ አቅርበዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ UTC አይገፋም፣ አይመለስም። ኢትዮጵያም ሁልጊዜ በ3 ሰዓት ስለምትቀድመው ስሌቱ ቀላል ነው። ድክመቱ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል፤ በዚህ ሰዓት የሚኖር ሰው ስለሌለ እናትም ልጅም ሁለቱም ማስላት ይኖርባቸዋል። ከአንድ ስሌት ይልቅ ሁለት ስሌት ሲደረግ የስሕተት በር ይሰፋል።

ሁለተኛው አካሄድ አንድን ከተማ መልሕቅ አድርጎ ቀጠሮውን በዚያ ከተማ ሰዓት መግለጽ ነው፤ «አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት» እንደማለት። የከተማ ስም ከአገር ስምም፣ ከምሕጻረ ቃልም ይሻላል። አሜሪካ ብዙ ቀጠናዎች ስላሏት «በአሜሪካ ሰዓት» ማለት ምንም አይነግርም። ምሕጻረ ቃላትም አሳሳች ናቸው፤ IST ሲባል የእስራኤል፣ የሕንድ ወይም የአየርላንድ ሊሆን ይችላል። EST ደግሞ በጥብቅ ትርጉሙ ሰዓት ያልተገፋበት የምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ሲሆን፣ ብዙዎች ሰዓቱ ሲገፋም ይህንኑ ይጽፋሉ። ከተማ የሚጠቅስ ሰው ሰዓቱ ተገፍቷል ወይስ አልተገፋም የሚለውን ራሱ መመለስ አይጠበቅበትም።

ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ተጋባዥ በራሱ ሰዓት መጻፍ ነው። በቤተሰብ ዘንድ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው፤ ለተቀባዩ ምንም ስሌት አይተውለትም። ድክመቱ ስሌቱ ሁሉ በላኪው ላይ መውደቁ ነው። ላኪው አንድ ቦታ ቢሳሳትና መልሕቅ የሚሆን ከተማ ካልተጠቀሰ፣ ከተዘረዘሩት ሰዓቶች የትኛው እንደተሳሳተ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ይህ አካሄድ ብቻውን ሳይሆን ከሁለተኛው ጋር ሲጣመር ነው የሚጠቅመው።

አራተኛው ነገሩን ለካሌንደር መተግበሪያ መተው ነው። የኢሜይል ግብዣ የሚልከው ሰው በራሱ ሰዓት ይሞላል፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ በተቀባዩ ሰዓት ይታያል። በሥራ ባልደረቦች መካከል ይህ በአብዛኛው ይሠራል። ገደቡን ለመረዳት ግብዣው ውስጥ የተጻፈውን ማየት ይጠቅማል። RFC 5545 በሚባለው የ2009 መስፈርት መሠረት የመነሻ ሰዓት በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦

```
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260315T200000
DTSTART:20260315T170000Z
DTSTART:20260315T200000
```

የመጀመሪያው መስመር ከተማን ይጠቅሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 20:00 ማለት ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ Z ስላለው በUTC 17:00 ነው፤ ሁለቱ አንድ ቅጽበት ናቸው። ሦስተኛው ግን ቀጠና የሌለው ተንሳፋፊ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ዱባይም በየራሳቸው 20:00 ላይ ያሳያሉ። አንድ ስብሰባ የሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ ከታየ፣ ተጋባዦቹም በተለያየ ቀጠና ካሉ፣ ይህ ዓይነት ስሕተት ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው የመተግበሪያ ችግር ከመምረጫው ዝርዝር ይመጣል። በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ቀጠና የሚገኘው (UTC+03:00) Nairobi በሚለው ስም ነው። አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ሰው በሐምሌ «ሰዓቱ ከእኔ ጋር አንድ ነው» ብሎ Jerusalem የሚለውን ቢመርጥ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ምንም አይታወቀውም። እስራኤል ሰዓቷን ስትመልስ ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀጠሮዎቹም አብረው ይዛነፋሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ መተግበሪያው ሊያደርገው የማይችለው ነገር አለ፤ በቴሌግራም የተጻፈን «በ3 ሰዓት»፣ በድምፅ የተላከን መልእክት፣ በሥዕል የተለጠፈን የጉባኤ ማስታወቂያ አይተረጉምም።

ተደጋጋሚ ቀጠሮ፦ የአንድ ማርች ታሪክ

አካሄዶቹ በእውነት የሚፈተኑት በየሳምንቱ በሚደጋገም ቀጠሮ ላይ ነው። ቤተሰቡ በየእሑዱ ዋሽንግተን ላይ ቀትር 12:00 እንዲገናኝ ወሰነ እንበል። ግብዣውን የላከው ዋሽንግተን ያለው ልጅ ስለሆነ መልሕቁ ዋሽንግተን ነው። ማርች 1፣ 2026 ላይ ይህ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቴል አቪቭ ላይ 19:00፣ ዱባይ ላይ 21:00 ነበር። ሁሉም ተስማማቸው።

በቀጣዩ እሑድ፣ ማርች 8፣ አሜሪካ ሰዓቷን ገፋች። ዋሽንግተን ላይ አሁንም ቀትር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆነ። በ2 ሰዓት ስልክ የሚጠብቁት እናት ጥሪው አመለጣቸው። ቴል አቪቭ ላይ ደግሞ ከ19:00 ወደ 18:00፣ ዱባይ ላይ ከ21:00 ወደ 20:00 ወረደ። ማርች 15ና 22ም እንዲሁ ሆነ። ማርች 27 እስራኤል በተራዋ ሰዓቷን ስትገፋ ለቴል አቪቭ ቀጠሮው ወደ 19:00 ተመለሰ። ለአዲስ አበባና ለዱባይ ግን ለውጡ እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ ይቆያል፤ ምክንያቱም እነሱ ሰዓት አይገፉም።

ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያለው ቅሬታም የተለያየ ነው። ቴል አቪቭ ያለችው እህት «ለሦስት ሳምንት ተበላሽቶ ራሱ ተስተካከለ» ትላለች፤ አዲስ አበባ ያሉት እናት «ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ተለውጧል» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰዓት በሚመለስበት ወቅት ያለው መደናገር አጭር ነው፤ በ2026 አውሮፓና እስራኤል ኦክቶበር 25 ሰዓታቸውን ይመልሳሉ፣ አሜሪካ ደግሞ ኖቬምበር 1፤ በመካከሉ የሚዛነፈው አንድ እሑድ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መልሕቁ አዲስ አበባ ቢሆን ይሻላል የሚል ይመስላል። በእርግጥም መልሕቁ ሰዓት የማይገፋ ከተማ ከሆነ ለኢትዮጵያና ለባሕረ ሰላጤው ዘመድ ቀጠሮው ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ዋጋው ግን ወደ ሌላው ይዞራል፤ ዋሽንግተን ላይ ከቀትር 12:00 ወደ 1:00 ይሄዳል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚገባ ሰው ላይመቸው ይችላል። መርሑ የሚሆነው መልሕቁ ሰዓቱ ለማይላላለት ሰው ቦታ ይሁን የሚል ነው። እሱም ቢሆን የማርችንና የኖቬምበርን መጀመሪያ በግሩፑ ላይ አስቀድሞ ማሳሰብን አይተካም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ አንድ አቋራጭ ስሌት እዚህ ላይ መመርመር አለበት። ሰዓት በተገፋበት ወቅት ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነና የአቆጣጠር ልዩነቱ 6 ስለሆነ፣ የአገር ቤቱን ሰዓት በአንድ ቀንሶ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን ማድረግ ይበቃል፤ የአዲስ አበባ የምሽት 2 ሰዓት የዋሽንግተን የቀን 1 ሰዓት ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ሰዓት ሲመለስ ግን የሚቀነሰው ሁለት ይሆናል። አቋራጩን «አንድ ቀንስ» ብሎ ብቻ የያዘ ሰው ከኖቬምበር እስከ ማርች በአንድ ሰዓት ይሳሳታል። ሚኒያፖሊስ ወይም ሎስ አንጀለስ ለሚኖር ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው።

የዕለት ድንበር

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ዕለቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ዋሽንግተን ላይ ቅዳሜ ማታ 9:00 ሰዓት በተገፋበት ወቅት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የትኛው ቀን? በፈረንጅ አቆጣጠር እሑድ ገብቷል፤ ዕለቱ የተለወጠው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥር ሰው ግን ንጋት እስኪደርስ ድረስ «ቅዳሜ ሌሊት» ሊለው ይችላል። ስለዚህ «እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» የሚል መልእክት አንዱ የእሑድን ንጋት፣ ሌላው የሰኞን ንጋት እንዲጠብቅ ያደርጋል። ልዩነቱ የሙሉ ቀን ነው።

አማርኛ ለዚህ ዝግጁ የሆነ አገላለጽ አለው። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ሲባል ከሁለቱ ዕለታት መካከል ያለው ሌሊት እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ለሚያዝ ቀጠሮ ሁሉ ሁለቱንም ዕለታት መጥራት ሊለመድ ይገባል። «የሚመጣው እሑድ» የሚለውም እንዲሁ አሻሚ ነው፤ ዕለቱ ዓርብ ከሆነ አንዱ የነገ ወዲያውን፣ ሌላው የሚቀጥለውን ሳምንት ሊረዳ ይችላል። ቀን ከወር ጋር ሲጻፍ አሻሚነቱ ይጠፋል።

ወሩም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዶች ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብለው ይጽፋሉ፤ «መስከረም 15» የተባለው ቀጠሮ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ነው፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 26። የፈረንጅ ወር በፈረንጅ ስሙ፣ የእኛም በእኛ ስሙ ቢጻፍ የአሥር ቀን ስሕተት ይቀራል። ወርን በቁጥር መጻፍ፣ 5/12 እንደሚባለው፣ ከዚህም የባሰ ነው፤ አሜሪካ ያለው ሜይ 12፣ አውሮፓ ያለው ዲሴምበር 5፣ አዲስ አበባ ያለው ነሐሴ 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል።

በሥራ ቦታ፦ ሃያ አራት ሰዓት ያድናል ወይ?

ባልደረቦች መካከል ያለው ችግር ከቤተሰቡ በአንድ ነገር ይለያል፤ ተቀባዩ አማርኛ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሚወጡ ማስታወቂያዎችና ግብዣዎች ላይ «3:00 LT» የሚል አጻጻፍ ያጋጥማል። ጸሐፊው LT ሲል ብዙ ጊዜ የአገር ቤቱን አቆጣጠር፣ ማለትም በፈረንጅ 9:00፣ ማለቱ ነው። ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ያለው ባልደረባ ግን LT ማለት የቦታው ሰዓት ማለት ብቻ ስለሆነ 3:00 ብሎ ይይዘዋል። ምሕጻረ ቃሉ ቦታውን እንጂ አቆጣጠሩን አይገልጽም፤ ከአገር ለሚወጣ ደብዳቤ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ የሚቀርበው የ24 ሰዓት አጻጻፍ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ገደቡን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። 15:00፣ 18:30፣ 20:00 የሚሉ ቁጥሮች በአገር ቤት አቆጣጠር ስለሌሉ ማንም በሌላ መንገድ አይረዳቸውም። 09:00 ግን በእኛም በእነሱም አቆጣጠር አለ። ዘጠኝ ሰዓት ብሎ የሚያነብ ባልደረባ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የ24 ሰዓት አጻጻፍ ከ13:00 እስከ እኩለ ሌሊት ላለው ቀጠሮ ራሱን ይከላከላል፤ ከ1:00 እስከ 12:59 ላለው ግን አይከላከልም። የጠዋት ስብሰባ ሁሉ ተጨማሪ ቃል ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ነው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት (09:00)»። ጥቅሙ ለሁለት ዓይነት አንባቢ መድረሱ ብቻ አይደለም፤ መልእክቱ ራሱን በራሱ እንዲመረምር ያደርጋል። ሁለቱ ቁጥሮች ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ በአሥራ ስምንት፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ በስድስት መለያየት አለባቸው። ላኪው ቸኩሎ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት (08:00)» ብሎ ቢጽፍ፣ ተቀባዩ ቁጥሮቹን አይቶ ስሕተት እንዳለ ያውቃል፤ ከስብሰባው በፊትም ይጠይቃል። አንድ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፍ ነበር።

ያልተቋጩ ክርክሮች

የሰዓት መግፋት ሥርዓቱ ራሱ አጠያያቂ ሆኗል። የአውሮፓ ፓርላማ በማርች 2019 ለውጡ እንዲቀር ድምፅ ሰጥቷል፤ የአባል አገሮቹ ምክር ቤት ግን ስላልተስማማ አልተፈጸመም። የአሜሪካ ሴኔት በማርች 2022 ሰዓቱ እንደተገፋ እንዲቀር የሚል ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት አላጸደቀውም። ቢጸድቅ ኖሮ የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 7 ሰዓት ይሆን ነበር።

ሕግ በድንገት ሲለወጥ የሚሆነውን ሊባኖስ በማርች 2023 አሳይታለች። መንግሥት ሰዓት ሊገፋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለረመዳን ሲል ማራዘሙን አሳወቀ፤ ቤተ ክርስቲያናትና አንዳንድ ድርጅቶች አንቀበልም አሉ። ለጥቂት ቀናት በአንዲት አገር ሁለት ሰዓት ሠራ፤ ከዚያም ውሳኔው ተሻረ። መተግበሪያዎች የሚያውቁት አስቀድሞ የተመዘገበላቸውን ሕግ ስለሆነ እንዲህ ያለው ለውጥ ሲመጣ ወዲያው አይከተሉም። ለወራት ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ በሳምንቱ ዋዜማ እንደገና መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ክርክር ከውጭ ዘመድ ጋር ስንነጋገር የቱን አቆጣጠር እንጠቀም የሚለው ነው። በፈረንጅ ብቻ ይሁን የሚሉት ስልክና ኮምፒውተር የሚያሳዩት እሱን ነው፣ ውጭ ያደጉ ልጆችም የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው ይላሉ። በእኛ ይሁን የሚሉት አገር ቤት ያሉ ወላጆችን ያስባሉ፤ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የተባለ እናት ቀጠሮውን ያለምንም ስሌት ትይዘዋለች። ሁለቱም ወገን ስለ ተለያየ አንባቢ ስለሚናገር ክርክሩ በአንዱ አሸናፊነት የሚያልቅ አይደለም። ሁለቱንም መጻፍ ቦታ ይፈጃል፣ መልእክትንም ያረዝማል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ከአምስት በላይ ከተሞች ያሉበት ዝርዝር ለማንበብ ያዳግታል።

ምን ዓይነት አጻጻፍ ያዋጣል?

ከላይ የታዩትን ማስረጃዎች አንድ ላይ ስናያቸው ሦስቱንም ጥያቄዎች የሚመልስና አጭር የሆነ አጻጻፍ ማውጣት ይቻላል። አንድ መልሕቅ ከተማ፣ ሁለት አቆጣጠር፣ ከዕለቱ ስም ጋር ሁለት ቀን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የሌሎች ከተሞች ሰዓት ይከተላል። ለምሳሌ፦

«እሑድ መጋቢት 6 ቀን 2018 (ማርች 15፣ 2026)፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00)። ይህ ዋሽንግተን ላይ እሑድ 13:00፣ ቴል አቪቭ ላይ 19:00፣ ዱባይ ላይ 21:00 ነው። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ አዲስ አበባውን ያዙ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፤ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ናት። ላኪው ሲያሰላ ቢሳሳት እንኳ ሁሉም የሚመለሱበትን አንድ ሰዓት ትሰጣለች። ለሥራ ባልደረባ የሚላከውም በቅርጹ ይኸው ነው፤ ከካሌንደር ግብዣው ጋር በኢሜይሉ ጽሑፍ ውስጥም ሰዓቱን ከከተማ ስም ጋር መድገም፣ ቀጠናው በስሕተት ተመርጦ ከሆነ ልዩነቱ እንዲታይ ያደርጋል።

ከተቀባዩም የሚጠበቅ አለ። «እሺ» የሚለው መልስ መልእክቱ መነበቡን እንጂ በትክክል መረዳቱን አያሳይም። «እሺ፣ ለእኔ እሑድ ቀን 1 ሰዓት ላይ ነው» ብሎ የመለሰ ሰው ግን ስሌቱን ለላኪው አሳይቷል፤ ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል። በዕድሜ ለገፉ ወላጆች ይህን በስልክ ማድረግ ይቀላል፤ «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንደውለው?» ብሎ መልሱን ከእሳቸው መስማት፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ከመንገር ይልቅ ያስተማምናል።

የተደጋጋሚ ቀጠሮ መልሕቅ የማን ከተማ ይሁን የሚለው ግን በአጻጻፍ የሚፈታ አይደለም። በማርች አንዱ ወገን አንድ ሰዓት መልቀቁ አይቀርም፤ ማን እንደሚለቅ ቤተሰቡ ወይም የሥራ ቡድኑ አስቀድሞ ተነጋግሮ ሊወስነው የሚገባ ነገር ነው።